ጽጌ በላቲን ስንት ዓይነት ነች? የፓስፖርትና የዲፕሎማ ስም ጥያቄዎች

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ትርጉም ቤት ነኝ። ስም አጻጻፍ ላይ ግራ የገባችሁን ጠይቁ፤ እስከ ማታ አለሁ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ዲፕሎማዬ ላይ Tsigie ተብያለሁ፤ ፓስፖርቴ ላይ Tsige። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጣጣውም እሱ ነው። ላቲን አምስት አናባቢ ፊደል አለው፤ እኛ ሰባት ድምፅ አለን። e ብቻዋን የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። Kebede ውስጥ ሦስቱም e «ከ፣ በ፣ ደ» ናቸው። በአንቺ ስም መጨረሻ ያለችው e ግን «ጌ» ነች። ይህን ለመለየት ብሎ ነው አንዱ ጸሐፊ i ጨምሮ gie ያለው። «ጽ» ደግሞ ሳድስ ስለሆነች አናባቢዋ በላቲን የራሷ ፊደል የላትም፤ አንዱ i ይሰጣታል፣ ሌላው e ይሰጣትና Tsege ትሆኛለሽ።

ንጉሡን ኃይለ ሥላሴንና ሯጩን ኃይሌን እዩ። በአማርኛ «ለ» እና «ሌ» ናቸው፤ በላቲን ግን ሁለቱም Haile። ከላቲን ወደ አማርኛ መመለስ ግምት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን የምታደርጊው፦ ፓስፖርቱን አትንኪው። ቪዛሽም ቲኬትሽም የሚያያዘው በእሱ ነው። ፓስፖርትሽንና የልደት ምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ሬጅስትራር ሂጂ፤ Tsigie እና Tsige አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ። እኛ ቢሮ ዲፕሎማ አንድ ጊዜ ነበር የሚታተመው፤ ደብዳቤ ግን እንሰጥ ነበር። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አጻጻፎች ፊደል በፊደል መስፈራቸውን ሳታዪ ከመስኮቱ እንዳትነሺ። «የስም ልዩነት ያለ ቢሆንም» ብቻ የሚል ደብዳቤ ስንት ሰው ይዞ ተመልሷል!

ከባሕር ዳር፦ ይቅርታ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ እኮ አለ። «ቀ» Q ነው የሚጻፈው። ፓስፖርቷ ስህተት ከሆነ ማስቀየር መብቷ ነው።

ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ስታንዳርድ አለ፤ ግን ለቦታ ስም ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ የቦታ ስም ቦርዶች በ1967 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት አለ። እዚያ ላይ ደግሞ «ቀ» Q ሳይሆን k' ነው፤ መቀሌ በካርታቸው Mek'elē የምትሆነው ለዚህ ነው። «ጠ» t' ናት፣ «ጸ» ts'።

ይህን ፓስፖርት ላይ ብታመጣው ጭረቷ አታልፍም። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉት፣ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ለስም ከA እስከ Z እና < የምትባለዋን ምልክት ብቻ ነው የሚቀበሉት። ጭረቷ ስትወድቅ «ጠ» እና «ተ» መልሰው አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ Q የጻፈም K የጻፈም ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ስህተቱ አንዴ Q፣ አንዴ K መጻፍ ነው።

ከሐዋሳ፦ የአያቴ ስም ወልደ ጊዮርጊስ ነው። አንድ ላይ ልጻፈው ወይስ ለያይቼ?

አንድ ላይ። በብዙ ሰው ፓስፖርት የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ የሚገባው የአያት ስም ነው፤ የራስና የአባት ስም ከሌላው ወገን ይሆናሉ። ስምህ ጽጌ ከበደ ወልደ ጊዮርጊስ ቢሆን የግርጌው የመጀመሪያ መስመር ከእነዚህ አንዱን ይመስላል፦

```
P<ETHWOLDEGIORGIS<<TSIGE<KEBEDE<<<<<<<<<<<<<
P<ETHWOLDE<GIORGIS<<TSIGE<KEBEDE<<<<<<<<<<<<
```

ድርብ << የቤተሰብን ስም ከቀሪው ይለያል፤ ነጠላዋ < ባዶ ቦታ ነች። ሰረዝ አድርገህ Wolde-Giorgis ብትልም ከታች ያው < ነው የምትሆነው። ሁለተኛው መስመር በራሱ ስህተት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ባዶ ቦታውን ያየ ጸሐፊ Wolde የመሐል ስም ነው ብሎ ሲያስብ ነው። ያኔ ትምህርት ቤቱ Giorgis ብቻ ይልሃል፣ ባንኩ ሙሉውን ይጽፋል። ፓስፖርትህ ቀድሞ ለያይቶ ከወጣ ግን ሌላውንም ሁሉ እንደ እሱ ለያይተህ ጻፍ።

ከጎንደር፦ ሰላም፣ እኔም ስም መቀየር እፈልጋለሁ። ሰፈር የሚጠራኝ በሌላ ስም ነው፤ ዲፕሎማዬ ላይ እሱ እንዲገባ ምን ላድርግ?

የአንቺ ሌላ ነው እህቴ። እኛ የምናወራው ያንኑ ስም በሌላ ፊደል ስለመጻፍ ነው። ስሙን ራሱን መለወጥ በፍርድ ቤት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ሬጅስትራር ውሳኔውን ይቀበላል እንጂ አይወስንም።

ከጅዳ፦ ልጄ ጴጥሮስ እዚህ ተወለደ። የልደት ወረቀቱ በዓረብኛ ነው። ትርጉም ቤቱ Botros ብሎ አመጣልኝ። የእኔም ስም አበበች ሆኖ ሳለ Ababash አሉኝ!

ዓረብኛ «ጴ» ስለሌለው በ«ባ» ይጽፈዋል፤ «ቸ»ም ስለሌለው ብዙ ጊዜ «ሸ» ትሆናለች። «ኧ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አትታይም። ተርጓሚው የዓረብኛውን ፊደል እያየ ነው ወደ ላቲን ያዞረው። ተመለሺና የአንቺንና የአባቱን ፓስፖርት አሳዪው፤ ስማችሁን ከዚያ ይገልብጥ። የልጁን የመጀመሪያ ስም ደግሞ አንቺ በላቲን በወረቀት ጽፈሽ ስጪው።

እስራኤል ያላችሁም ይህንኑ ታውቁታላችሁ። አበራ በዕብራይስጥ ሲጻፍ የመሐሏ «ቤት» «ቭ» ተብላ ትነበብና ፓስፖርቱ ላይ Avera ይወጣል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ግን Abera ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ሴት ልጅ ወልደናል፤ ቅድስት ብለናታል። Kidist ይሻላል Qidist? ከጅምሩ እንዳንሳሳት ብለን ነው።

እንኳን ማርያም ማረቻት! እኔ Kidist እላለሁ፤ አንባቢ የሚለምደው እሱን ነው። ግን ከእሷ ስም በላይ የሚያሳስበኝ የአንተ ስም ነው። የእሷ ሁለተኛ ስም የአንተ የመጀመሪያ ስም ነው፣ ሦስተኛው የአባትህ። አንተ ፓስፖርትህ ላይ Birhanu ሆነህ እሷ Berhanu ብትባል፣ ነገ ቤተሰብ ጥየቃ ላይ አባቷ መሆንህን ለማስረዳት ትደክማለህ። ስለዚህ ወሳኝ ኩነት ስትሄዱ ፓስፖርትህን ያዝ፤ ጸሐፊው በጆሮው እንዳይጽፍ። ታላቅ ልጅ ካለም የእሱ ወረቀት ይታይ። ፋይዳ ላይም ስም በአማርኛም በላቲንም ስለሚገባ፣ ከመጽደቁ በፊት ስክሪኑን ወደ እኔ አዙርልኝ በለው።

የአማርኛውንም አትናቁ። አባቴ ፀጋዬ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ጸጋዬ ተብሎ ስለገባ ውጤቴ «የለም» ተብዬ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ፀ» እና «ጸ» እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። አንድ የድሮ ሠራተኛ ነው ሁለቱንም ሞክሮ ያወጣልኝ።

ከፍራንክፈርት፦ እኔ በአያቴ ስም ነው የምጠራው፣ ባለቤቴ በአያቷ፣ ልጃችን በአባቴ። ኤርፖርት ላይ ባለቤቴን «እናቷ ነሽ?» ይሏታል። ሁላችንም አንድ የቤተሰብ ስም ብንይዝ አይሻልም?

ለጉዞው የልደት ምስክር ወረቀቷን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሁለታችሁም ስም እንደ ፓስፖርታችሁ የተጻፈበትን። አንድ ስም ስለመያዙ ግን እኔም አልቆረጥኩም። እህቴ እንዲያ አደረገች፤ ኬላ ላይ ተገላገለች። አገር ቤት ስትመጣ ግን ዲፕሎማዋ በድሮ ስሟ ነው፣ አማቷም «የአባቷን ስም ጣለች» እያሉ እስካሁን ያነሱባታል። ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉለት።