ባረጀች ውሻ ላይ የሚታይ የስኳር በሽታ፦ ጥማቱ፣ ኢንሱሊኑና ምግቡ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ሴቷ ውሻችን 10 ዓመቷ ነው፤ አልመከነችም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ሌሊትም ቤት ውስጥ ትሸናለች። ሐኪሟ የስኳር በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ኢንሱሊን ሊያስፈልጋት ይችላል ብሎናል። ጥማቱ ከመጠን ያለፈ መሆኑ በምን ይታወቃል? ያለፋችሁበት ሰዎች መርፌውንና ምግቡን እንዴት ትይዙታላችሁ?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ቤት የነበረው ቡቺ 12 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ውሻ ነበር፤ በ9 ዓመቱ የስኳር በሽታ ተገኝቶበት ከዚያ በኋላ ዓመታትን በኢንሱሊን ኖሯል። የምጽፍልዎት እሱን ስናስታምም ካየነውና ሐኪሙ ካስረዳን ነው፤ የመድኃኒቱን መጠን ግን የሚወስነው የእርስዎ ሐኪም ብቻ ነው።

ጥማቱን በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይወቁት። ጠዋት በወጥ ቤት መለኪያ 2 ሊትር ውሃ ለክተው ለእሷ ብቻ ያስቀምጡ፤ የመጸዳጃ ቤቱን በር ይዝጉ፤ ሌላ እንስሳ ካለም ይለዩት፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የቀረውን ለክተው ይቀንሱ። አንድ ቀን ስለሚያሳስት ለሦስት ቀን ያህል ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። ጤነኛ ውሻ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ጥማት ይሉታል። በዚህ ስሌት ለቡቺ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃው ነበር፤ ስንለካው ግን 1.6 ሊትር ይጠጣ ነበር፤ ይህም ለአንድ ኪሎ ከ130 ሚሊ ሊትር በላይ ማለት ነው። ደረቅ ምግብ የሚበላ ውሻ እርጥብ ከሚበላው የበለጠ እንደሚጠጣ፣ ሙቀትም መጠኑን ከፍ እንደሚያደርግ ግን ያስታውሱ።

ሌሊት እንዳትሸና ብለው ውሃ እንዳይከለክሏት አደራ እላለሁ። በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር በአሜሪካ መለኪያ ከ200 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ስለማይችል ስኳሩ ከሽንት ጋር ይወጣል፣ ሲወጣም ውሃ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ውሻዋ የምትሸናው ስለጠጣች ሳይሆን የምትጠጣው በሽንት ያጣችውን ለመተካት ነው፤ ውሃው ቢነሳባት ሽንቱ አይቆምም፣ ሰውነቷ ግን ይደርቃል።

ብዙ መጠጣት ብቻውን የስኳር በሽታ ማስረጃ አይሆንም። የኩላሊት ድካም፣ ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን በሽታ፣ እንደ ፕሬድኒሶን ያለ መድኃኒትም ያስጠማሉ። ባልመከነች ሴት ውሻ ላይ ደግሞ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ማሕፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ይህም ያስጠማል፣ በአስቸኳይም ካልታከመ ይገድላል። በመሆኑም ሐኪሙ ማሕፀኗን እንዲያይላት በግልጽ ይጠይቁ። የስኳር በሽታን የሚያስጠረጥረው ጥማቱ ከሌላ ምልክት ጋር ሲመጣ ነው፦ ከወትሮው አብዝታ እየበላች የጀርባ አጥንቷ እስኪታይ ትከሳለች። በሽታው የሚረጋገጠው በደም ውስጥ ከፍ ያለ ስኳር፣ በሽንት ውስጥም ስኳር ሲገኝ ነው፤ የቡቺ የደም ስኳር 412 ነበር፣ ሽንቱም ስኳር ነበረበት። የሽንቱ ምርመራ ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠረው ኪቶን መኖር አለመኖሩንም ያሳያል። የምትጠጣ ውሻ መብላት ካቆመች፣ ካስታወከች ወይም ከደከመች የኪቶን መመረዝ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው በሰው እንደሚያውቀው የሚዋጥ ክኒን ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። በውሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት መጥፋት ስለሆነ ክኒን አይተካውም፤ መርፌው ዕድሜ ልክ ነው። የእርስዎ ውሻ ግን ከቡቺ የሚለያት ነገር አለ። ያልመከነች ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ በኋላ በሰውነቷ የሚበዛው ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል። ሳትመክን ከቀረች በየወቅቱ የስኳሯ ልክ ይዛባል፤ በጊዜ ከመከነች ግን አንዳንዶቹ ኢንሱሊን እስከመተው ድረስ ይሻላቸዋል። ስለዚህ ማምከኑን ከሕክምናው ጋር አብሮ የሚታሰብ እንጂ ለኋላ የሚተው አድርገው እንዳይቆጥሩት፤ ለቀዶ ሕክምናው መቼ እንደምትደርስ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ ከመውጋቱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ብልቃጡንና ሲሪንጁን ማዛመዱ ነው። ለውሾች በብዛት የሚታዘዙት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ከአሳማ የሚገኘውና በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለው የእንስሳት ኢንሱሊን ነው፤ ሌላው ሰዎችም የሚወስዱት ኤንፒኤች ሲሆን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት አለው። ለእያንዳንዱ የራሱ ሲሪንጅ አለው፤ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የ40ው ክዳን ቀይ፣ የ100ው ብርቱካናማ ነው። የ100ውን ኢንሱሊን በ40 ሲሪንጅ እስከ 4 ምልክት ቢስቡ በእርግጥ የሚወጉት 4 ሳይሆን 10 ዩኒት ነው፤ ይህ ውሻዋን ራሷን ሊያስት ይችላል። የ40ውን በ100 ሲሪንጅ ቢስቡ ደግሞ የምታገኘው 1.6 ዩኒት ብቻ ስለሚሆን ስኳሩ አይወርድም፣ እናንተም መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ ታስባላችሁ። ፋርማሲው በለወጠላችሁ ቁጥር በብልቃጡና በሲሪንጁ ላይ ያለውን ቁጥር አስተያዩ።

ብልቃጡ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንጂ በረዶ በሚሠራበት ክፍል አይቀመጥም። የእንስሳቱ ኢንሱሊን ወተት እስኪመስል በደንብ ይናጣል፤ ኤንፒኤች ግን በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል። ከወጉ በኋላ ጸጉሩን በእጅ ዳብሰው እርጥብ መሆኑን ይዩ፤ ፈስሶ እንደሆነ የቀረውን በግምት ለመድገም አይሞክሩ፤ በሚቀጥለው የመርፌ ሰዓት ወደ መደበኛው መጠን ይመለሱ። ቦታውን ከጎን ወደ ጎን መቀያየርም ቆዳው እንዳይጠነክር ይረዳል።

የመነሻው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ከሩብ እስከ ግማሽ ዩኒት ነው። ቡቺ የጀመረው ጠዋትና ማታ በአንድ ሰዓት በ4 ዩኒት ነበር። መጀመሪያ ይበላል፣ መብላቱን ዓይተን ከዚያ እንወጋለን፤ በዚህ ቅደም ተከተል አጥብቄ አምናለሁ። ያልበላች ውሻ ላይ ሙሉ መጠን መውጋት አደገኛ ነው፤ ግማሹን ብቻ ከበላች ወይም ካስታወከች ምን እንደሚደረግ ሐኪሙን አስቀድመው ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። እኛ ቤት ባለቤቴ በሌሊት፣ እኔ በቀን የምንሠራ ስለነበርን ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፈን የወጋው ሰው ወዲያው ይፈርም ነበር። መወጋቷን የሚያጠራጥር ነገር ካለ አይድገሙ፤ አንዱ መርፌ ቢቀር የሚያመጣው ጉዳት ሁለቴ ከመወጋት እጅግ ያነሰ ነው።

ስኳሩ ከሚገባው በታች ሲወርድ ውሻዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፣ ትደነግጣለች፣ ሲብስም ያንዘፈዝፋታል። ያን ጊዜ ማር ወይም የበቆሎ ሽሮፕ ድዷ ላይ ይቀቡላት። የምትንዘፈዘፍ ወይም ራሷን የሳተች ውሻ ጉሮሮ ውስጥ አያፍስሱባት፣ ትታነቃለች። ስትነቃ አብሉአትና ወዲያው ሐኪም ጋ ደውሉ፤ የሚቀጥለውን መርፌም ሐኪሙ ሳይነግራችሁ አትስጡ።

ምግቡን በተመለከተ ዋናው ነገር ዓይነቱና መጠኑ ከቀን ወደ ቀን አለመለዋወጡ ነው፤ ኢንሱሊኑ የተለካው ለዚያ ምግብ ነውና። በሚዛን የተለካ እኩል ምግብ ጠዋትና ማታ ይሰጣል፤ በመካከል ቁርጥራጭ አይሰጥም። ሐኪሞች አሰር የበዛበትን ምግብ የሚመርጡት ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ስለሚረዳ ነው፤ ነገር ግን ለማክሳት የተሠራ ምግብ አስቀድማ ለከሳች ውሻ አይስማማም። ምግብ መቀየር ካስፈለገም በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ እየደባለቁ ነው።

በእኛ ቤቶች ችግሩ ከገበታው የሚወርደው ነው። በወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ለማንኛውም ውሻ መርዝ ነው፤ የቅቤና የክትፎ ስብ ደግሞ ቆሽቷን ሊያስቆጣ ይችላል፤ የተቆጣ ቆሽት ኢንሱሊኑን ሁሉ ያበላሻል። በፋሲካ ቀን እንግዳ ሲመጣ ውሻው ሌላ ክፍል እንዲቆይ እናደርግ ነበር፤ አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች የሚል ዘመድ ሁልጊዜ አይጠፋምና። የሚሰጡት ነገር ካማረዎት ያለ ጨው የተቀቀለ ፎሶሊያ ይበቃል። ስኳር የለውም የተባለ ማስቲካና የለውዝ ቅቤ ግን ከእጇ ያርቁ፤ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ለሰው ጉዳት ባይኖረውም የውሻን ስኳር በድንገት ያወርዳል፣ ጉበቷንም ያጠፋል።

የመጀመሪያው መጠን የመጨረሻው አይሆንም። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ስኳሩን ይለካል፤ የሚፈልገው ዝቅተኛው ቁጥር ከ80 እስከ 150 ባለው ውስጥ እንዲሆን ነው። በቡቺ ላይ በ4 ዩኒት ዝቅተኛው 230 ሆኖ ስለተገኘ ወደ 5 ከፍ ተደረገ፤ በሚቀጥለው ልኬት 120 ሆነ፣ ውሃውም ወደ 750 ሚሊ ሊትር ወረደ። ከወራት በኋላ ግን ምግቡም መርፌውም ሳይለወጥ ውሃው ወደ 1.3 ሊትር ተመለሰ። ሐኪሙ መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ሽንቱ ላይ የባክቴሪያ ምርመራ አደረገ፤ የፊኛ ኢንፌክሽን ተገኘ። ስኳር ያለበት ሽንት ለባክቴሪያ ይመቻል፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ ኢንሱሊኑ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የሚገርመው ብዙ ጊዜ ውሻው ምንም የሕመም ምልክት አያሳይም። አንቲባዮቲኩን ጨርሶ ሲድን ውሃው በዚያው በ5 ዩኒት ወደ ቀድሞው ልኩ ወረደ። ዩኒቱን ብቻ ጨምረን ቢሆን ኖሮ ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ ስኳሩ አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ ይወርድ ነበር።

ዓይኗን በተመለከተ አስቀድመው እንዲያውቁት የምፈልገው ነገር አለ፤ ስኳሩ ጥሩ ተይዞም ቢሆን አብዛኞቹ የታመሙ ውሾች በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የዓይን ሞራ ይይዛቸዋል። በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ነገር ግን ሞራው እንደታየ ወዲያው ማሳየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ዓይኑ ውስጥ የሚነሳው ቁጣ ከቆየ ቀዶ ሕክምናውን ያበላሸዋል።

ለቀጠሮው የሦስቱን ቀን የውሃ ልኬት፣ ክብደቷን፣ የመጨረሻው የወንድ ፍለጋ ወቅት መቼ እንደነበረና የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጽፈው ይሂዱ፤ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንቷን በንጹሕ ዕቃ ቢወስዱላቸውም በእጅጉ ይረዳል።