ውጤቱንና ጨዋታው የዞረበትን ደቂቃ አስቀድም

«የአካባቢያችንን ቡድን ጨዋታዎች እዘግባለሁ። ከመክፈቻው ፊሽካ ጀምሬ በቅደም ተከተል ነው የምጽፈው፤ ግን እስከ መጨረሻው የሚያነብ የለም። ምን ላስተካክል?»

ወንድሜ፣ እኔም ሁለት ዓመት እንዳንተ ስጽፍ ቆይቼ ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

1. ማን ማንን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። የደጋፊው ድምቀትና የአየሩ ሁኔታ ይቆይ። እኔን ያቃጠለኝ ጨዋታ እንዲህ ነበር፦ ባለሜዳዎቹ በ12ኛው ደቂቃ አግብተው መሩ። በ64ኛው ደቂቃ የመሃል ተከላካያቸው በሁለተኛ ቢጫ ካርድ ወጣ። እንግዶቹ በ73ኛውና በ88ኛው ደቂቃ አግብተው 2 ለ 1 አሸነፉ። እኔ ታዲያ ሦስት አንቀጽ ሙሉ የመጀመሪያውን አጋማሽ ስተርክ ቆየሁ። አዘጋጁ ቦታ ሲያጥረው የመጨረሻዎቹን ሁለት አንቀጾች ቆረጣቸው። ዘገባው ሲወጣ ባለሜዳዎቹ እየመሩ ያበቃል! በማግስቱ የአሸናፊው ቡድን መሪ ደውሎ ጮኸብኝ፤ ላስረዳው ስል ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አዘጋጁን ብወቅሰው «የሚቆረጠው ከታች ነው፤ አሸናፊውን ለምን ታች አስቀመጥከው?» አለኝ። አነጋገሩ ቢያንገበግበኝም እውነቱን ነበር።

2. ጨዋታው የዞረበት ቅጽበት ሁልጊዜ የማሸነፊያዋ ግብ አይደለም። እኔም መጀመሪያ የ88ኛው ደቂቃ ግብ መስሎኝ ነበር። ማስታወሻዬን መልሼ ሳይ ግን የባለሜዳዎቹ አሰልጣኝ ከቀይ ካርዱ በኋላ የግራ ክንፍ ተጫዋቹን አስወጥቶ ተከላካይ አስገብቷል። የግራ ተመላላሹ ብቻውን ቀረ፤ ሁለቱም ግቦች በዚያው መስመር ከተሻገሩ ኳሶች መጡ። ስለዚህ «ይህ ባይሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ ያየሁት ይሆን ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እጀምረዋለሁ፦

«እንግዳው ቡድን ከመመራት ተነስቶ ባለሜዳውን 2 ለ 1 አሸነፈ። ጨዋታውን የለወጠው የባለሜዳው መሃል ተከላካይ በ64ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ መውጣቱ ነው፤ ሁለቱም የእንግዳው ግቦች ከዚያ በኋላ ተቆጠሩ።»

ቀጥሎ ግቦቹ እንዴት እንደገቡ፣ ከዚያ የአሰልጣኞቹ አስተያየት፣ ከዚያ የመጀመሪያው አጋማሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ሰንጠረዡ መጨረሻ። አሁን ያው አዘጋጅ ከታች ቢቆርጥብኝም ዘገባው አይጎድልም፤ በዚህ እኮራለሁ።

4 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ መዞሪያ ላይኖረው ይችላል። ያኔ አትፍጠርለት፤ የመጀመሪያዋ ግብ እንዴት እንደገባች ጻፍና እለፍ። ዳኛውም ካርድ ከሰጠ «ቀይ ሰጠ» በል እንጂ «ጨዋታውን ገደለው» አትበል።

ማስታወሻህ ላይ ደቂቃውን በግራ ጠርዝ ጻፍ፤ ተጫዋች በተቀየረና ካርድ በወጣ ቁጥር ኮከብ አድርግበት። ፊሽካው እንደተነፋ ውጤቱንና የግብ አግቢዎቹን ስም ከጨዋታው ኮሚሽነር ጋር አመሳክር፤ ከዚያ ከሜዳው ሳትወጣ ሁለቱን የመግቢያ ዓረፍተ ነገሮች ጽፈህ ጨርስ።