ፎቶ በር የለውም፦ ስለ በረራ ፍርሃት ጥያቄዎቻችሁ

«የፍርሃት መሰላል ሠርቻለሁ። አንደኛ የአውሮፕላን ፎቶ ማየት፣ ሁለተኛ ቪዲዮ ማየት፣ ሦስተኛ ቦሌ ኤርፖርት ደርሶ መመለስ፣ አራተኛ ወደ ባሕር ዳር መብረር። ሦስቱን በቀላሉ ጨረስኩ። አራተኛው ላይ ትኬት ቆርጬ ሰረዝኩ። በሩ ሲዘጋ ትንፋሼ የሚቆም፣ ጮኼ የምዋረድ ይመስለኛል።» (ከሳሪስ)

እህቴ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽው አለፍሽ። አውሮፕላኑ ይከሰከሳል አላልሽም። የፈራሽው የተዘጋ በር ነው። ታዲያ ፎቶ ማየት ላንቺ ምን ደረጃ ይሆናል? ፎቶ በር የለውም።

በረራ የሚፈራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አይፈራም። አንዱ መከስከስን ይፈራል፣ አንዱ ከፍታን። አንዱ መሪው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ያስጨንቀዋል። አንዱ ደግሞ እንዳንቺ መውጫ ማጣትንና የገዛ አካሉን ይፈራል። ስለዚህ መሰላሉ ከመሠራቱ በፊት የፍርሃቱ ግምት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ያንቺ እንዲህ ይሆናል፦ «መውጣት የማልችልበት ቦታ ከተዘጋብኝ ትንፋሼ ይቆማል፣ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ እጮኻለሁ።» ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ደረጃ ይህን ግምት መፈተን አለበት። የማይፈትን ከሆነ ሰርዢው።

ቀጥሎ ነጥብ ስጪ። 0 ፍጹም መረጋጋት ነው፣ 100 የምታውቂው የመጨረሻው ፍርሃት። ደቡብ አፍሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ያስለመደው መለኪያ ነው፤ እስካሁን ይሠራበታል። የድሮ መሰላልሽን በዚህ ብትለኪው ሦስቱ ደረጃዎች ከ25 የሚያልፉ አይመስለኝም። አራተኛው ግን 90 አካባቢ ነው። ትኬቱን ያሰረዘሽ ስንፍና ሳይሆን ይህ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ የሚሞላው አራት ነገሮችን በመቀያየር ነው፦ የቆይታው ርዝመት፣ መውጫው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ፣ አብሮሽ ያለው ሰው፣ እና ሰውነትሽ ላይ የሚሰማሽ ስሜት። እኔ ብሆን እንዲህ እጀምር ነበር። በ30 ነጥብ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ በሩን ዘግተሽ መብራቱን አጥፍተሽ 15 ደቂቃ ተቀመጪ። በ40፣ ከሳሪስ ለገሃር በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ መሃል ተቀመጪ፣ መስኮት ሳይከፈት። («ንፋስ ገባ፣ ዝጉት» የሚል ተሳፋሪ ስለማይጠፋ ይህን ማዘጋጀት ቀላል ነው።) በ50፣ ሰው የሞላበት አሳንሰር ውስጥ ገብተሽ ደጋግመሽ ውጪ፣ ውረጂ።

በ60 የምታደርጊው ነገር ለብዙዎች እብደት ይመስላል። የምትፈሪውን የትንፋሽ ማጠር ራስሽ ትጠሪዋለሽ። አፍንጫሽን ይዘሽ በቀጭን ስትሮ ለአንድ ደቂቃ ተንፍሺ። መጀመሪያ ሶፋ ላይ፣ ከዚያ በተዘጋው መታጠቢያ ቤት ውስጥ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። ያለዚህ ደረጃ ግን በሩን ትለምጂው ይሆናል፤ የልብሽን ምት ግን አትለምጂውም።

75 ላይ ባሕር ዳር ትመጣለች። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የጠዋት በረራ ያዢ፤ ከሰዓት በኋላ ምድሩ ሲሞቅና ደመና ሲያብብ መናወጡ ይበዛል። ከእህትሽ ወይም ከጓደኛሽ ጋር፣ መተላለፊያው ዳር። በ85 ተመሳሳዩን ብቻሽን። በ95 መስኮት ዳር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻሽን። ነጥቦቹ የእኔ ግምት ናቸው። ላንቺ አሳንሰሩ ከሚኒባሱ ከቀለለ አቀያይሪያቸው።

ከእያንዳንዱ ደረጃ በፊት ግምትሽን ጻፊ፣ ከኋላው የሆነውን ጻፊ። ለምሳሌ በፊት፦ «ጎተራ ሳንደርስ ወራጅ አለ ብዬ እጮኻለሁ።» በኋላ፦ «ልቤ ደለቀ፣ አላበኝ፣ አልጮኽኩም፣ ለገሃር ወረድኩ።» መሰላሉ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ባለው ልዩነት ነው።

«ደረጃው ስንት ይሁን? 10 ነው ወይስ 15?» (ከአዳማ)

በ8ም ይሠራል። በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው ዝላይ ከ15 ነጥብ ባይበልጥ ይመረጣል።

«ፍርሃቱ ዜሮ እስኪሆን ልቆይ? አሳንሰር ውስጥ 70 ሲደርስብኝ ወጣሁ።» (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ዜሮ አትጠብቅ። ድሮ «ፍርሃቱ በግማሽ እስኪቀንስ ቆይ» ይባል ነበር። ዛሬ እንደ ሚሼል ክራስክ ያሉ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ የጠበቅከው ነገር ሆነ ወይስ አልሆነም? ፍርሃትህ 60 ላይ እንዳለ ብትወጣም፣ «እወድቃለሁ» ብለህ ካልወደቅህ ትምህርቱ ገብቶሃል።

ያንተ ችግር 70 መድረሱ ሳይሆን 70 *ስለደረሰ* መውጣትህ ነው። ያኔ ጭንቅላትህ «የተረፍኩት ስለወጣሁ ነው» ብሎ ይመዘግባል። መውጫህን አስቀድመህ በሰዓት ወስን፦ 20 ደቂቃ። ካቃተህ መሰላሉን አትተወው፣ መሃል ላይ ሌላ ደረጃ ጨምር። ሁሉንም ደረጃ በቀላሉ እያለፍክ ቀጣዩ ደረጃ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ የሚያርድህ ከሆነ ደግሞ ራስህን ታዘብ። ዓይን ጨፍነህ፣ ዘፈን አስጩኸህ፣ ስልክ ላይ ከሰው ጋር እያወራህ ነው የምታልፈው? እንግዲያው አሳንሰሩ ውስጥ አልነበርክም።

«ልጄ ዘንድ አሜሪካ ልሄድ ነው። ልምምዱ እንዲሠራልዎ ዳዊት መድገም ይተዉ አሉኝ። እውነት ነው?» (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

እናቴ፣ ማን ነው እንዲህ ያለዎት? ዳዊትዎን ይድገሙ። አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ። ቃል ሲዘለልብዎት አውሮፕላኑ ይወድቃል ብለው ከመጀመሪያው የሚጀምሩ ከሆነ ያ ፍርሃቱ ነው እንጂ ጸሎቱ አይደለም። እሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ከእኔ የተሻለ ይመክሩዎታል። ደግሞ አሜሪካ ከአሥር ሰዓት በላይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ አጭር የአገር ውስጥ በረራ ይሞክሩ።

«ጓደኛዬ ዛናክስ የሚባል የጭንቀት ኪኒን ሰጠችኝ። እሱን ውጬ ብበርና ይሄን ሁሉ ጣጣ ብዘለውስ?» (ከዱባይ)

አትውሰጂው። ሦስት ምክንያት አለኝ።

በ1997 እ.ኤ.አ. ዊልሄልምና ሮዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በረራ የሚፈሩ ሴቶችን ሁለት ጊዜ አሳፈሩ። በመጀመሪያው በረራ ለአንዱ ቡድን ይህንኑ መድኃኒት፣ ለሌላው የማስመሰያ እንክብል ሰጡ። መድኃኒቱን የወሰዱት ያኔ ጭንቀታቸው ቀለል አለ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም ያለ መድኃኒት ሲበሩ ግን በብዛት የተሸበሩት እነሱ ነበሩ። ሰውየው የተማረው «መብረር እችላለሁ» ሳይሆን «ኪኒን ካለኝ እችላለሁ» ነው።

ሁለተኛ፣ ከአልኮል ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ እስከማፈን ይደርሳል፤ በረራ ላይ ደግሞ ወይን ይቀርባል። ሦስተኛ፣ ያለሽበት አገር ይህን መድኃኒት በጥብቅ ይቆጣጠራል። በራስሽ ስም የተጻፈ የሐኪም ማዘዣና የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይኖር ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ጣጣው ከበረራው ይብሳል።

እዚህ ላይ «ሐኪም አማክሪ» የምለው ለወጉ አይደለም። በየቀኑ ስትወስጂው ቆይተሽ ከሆነ በራስሽ ድንገት አታቋርጪ፤ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስልሽ ሐኪም ነው። ከበረራው በፊት ሂጂ።

«ብዙ የማይናወጠው የትኛው ወንበር ነው?» (ከባሕር ዳር)

ክንፉ አካባቢ ያለው። የኋላው ይብሳል። መሰላልህ ላይ ግን አንድ ቀን የኋላውንም አስገባ።