በፓርክ ውስጥ መሮጥና ወደ ፓርክ መሮጥ፦ የጀርመንኛው አኩዛቲፍና ዳቲፍ

ጥያቄ፦ ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። ከመስተዋድድ በኋላ ስም የሚይዛቸውን ሁለት መልኮች ለመለየት «እንቅስቃሴ ካለ አኩዛቲፍ፣ ከሌለ ዳቲፍ» ተብለን ተምረናል። ፈተና ላይ «ፓርክ ውስጥ እሮጣለሁ» ለማለት «ኢን ዴን ፓርክ» ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ። ሩጫ እንቅስቃሴ አይደለም እንዴ? «ወዴት» እና «የት» ብላችሁ ጠይቁ የሚለው ምክርም አልሠራልኝም፤ እኛ «ስልኬን የት አስቀመጥከው?» ነው እንጂ «ወዴት አስቀመጥከው?» አንልም።

መልስ፦ «ኢኽ ላውፈ ኢን ዴን ፓርክ» ብለው ሲጽፉ ሰዋስው አላፈረሱም። ጀርመናዊ አንባቢ በሚገባ ይረዳዎታል፤ የሚረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ከፓርኩ ውጭ ነበሩ፣ እየሮጡ ገቡ ማለት ይሆንበታል። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት እዚያው ፓርኩ ውስጥ ሆነው ስለሚሮጡት ሩጫ ስለሆነ «ኢኽ ላውፈ ኢም ፓርክ» ማለት ነበረብዎት። «ኢም» ማለት «ኢን ዴም» ተጣምሮ ሲሆን «ዴም» የዳቲፍ መልክ ነው።

ያሳሳተዎት እንግዲህ የተማሩት ሕግ ነው። ሕጉ በየመማሪያ ክፍሉ የሚነገረው አጭርና ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ጀርመንኛ እግር ተንቀሳቀሰ አልተንቀሳቀሰም ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከተጠቀሰው ቦታ አንጻር ነገሩ ስፍራውን ለወጠ ወይስ አልለወጠም ብሎ ነው። በሐሳብዎ በፓርኩ ዙሪያ ክብ መስመር ያስምሩ። ድርጊቱ ሲጀምር ሯጩ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ ሲያበቃ ውስጥ ከተገኘ፣ መስመሩን ተሻግሯልና አኩዛቲፍ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመስመሩ ውስጥ ካልወጣ ግን አሥር ኪሎ ሜትር ቢሮጥም ዳቲፍ ነው። ሩጫው ፓርኩን መድረሻው አላደረገውም፤ ሜዳው አደረገው እንጂ።

ይህ የሚሠራው በሁለቱም መልክ ለሚገቡ ዘጠኝ መስተዋድዶች ብቻ ነው፦ አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ዩበር፣ ኡንተር፣ ፎር፣ ትስቪሸን። ሌሎቹ ምርጫ አይሰጡም። «ትሱ» ለምሳሌ ወደ አንድ ሰው ወይም ቦታ መሄድን እያመለከተም ሁልጊዜ ዳቲፍ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሐኪም ሲሄዱ ክብ መስመርዎን ማስመር አያስፈልግዎትም። በዘጠኙ ዘንድ ልዩነቱን የሚያሳየው ከስሙ ፊት ያለው መስተአምር ነው። ተባዕቱ «ዴር» በአኩዛቲፍ «ዴን»፣ በዳቲፍ «ዴም» ይሆናል። አንስታዩ «ዲ» በአኩዛቲፍ እንዳለ ይቆይና በዳቲፍ «ዴር» ይሆናል። ግዑዙ «ዳስ» ደግሞ በአኩዛቲፍ አይለወጥም፤ በዳቲፍ «ዴም» ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከአማርኛችን የሚነሣ ጥያቄ ነው። ጀርመናዊው «ቮ» ሲል የት ማለቱ ነው፣ «ቮሂን» ሲል ወዴት። በመሄድና በመኖር ግሦች ላይ ትርጉሙ ልክ ይመጣል፤ ወዴት ትሄዳለህ፣ የት ትኖራለህ እንላለንና። የማስቀመጥ ግሦች ዘንድ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። ጀርመናዊው ስልኩን «ቮሂን» አስቀመጥክ ይላል፤ እኛ የት አስቀመጥከው እንላለን። ተማሪው ጥያቄውን በአማርኛ ሲጠይቅ «የት» የሚል መልስ ያገኝና ያለ ጥርጥር ዳቲፍ ይጽፋል። ምክሩ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ በጀርመንኛ ለሚያስብ ሰው የተሰጠ ስለሆነ ወደ አማርኛ ሲመለስ ኃይሉን ያጣል።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። የአማርኛ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ሥር»፣ «አጠገብ» መድረሻንና መገኛን አይለዩም። «መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት» እና «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» በሚሉት ውስጥ «ጠረጴዛው ላይ» ቅንጣት አልተለወጠም። ልዩነቱን የተሸከመው ግሡ ነው። ጀርመንኛ በግሥም በመስተአምርም ይሸከመዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ፈተናውን በጥያቄ ቃል ሳይሆን በግሡ ላይ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ለዚህም አማርኛ ራሱ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶናል።

«ወንበር ላይ ተቀመጠች» እና «ወንበር ላይ ተቀምጣለች» የሚሉትን ጆሮ ሰጥተው ይስሟቸው። የመጀመሪያው ቆማ የነበረች ሰው ዝቅ ስትል ያሳያል፤ ሁለተኛው ተቀምጣ ያገኘናትን። ጀርመንኛ ለመጀመሪያው «ዚ ዜትስት ዚኽ አውፍ ዴን ሽቱል» ይላል፣ አኩዛቲፍ። ለሁለተኛው «ዚ ዚትስት አውፍ ዴም ሽቱል»፣ ዳቲፍ። «ተኛ» እና «ተኝቷል»፣ «ቆመ» እና «ቆሟል» እንዲሁ ናቸው። እኛ በግሡ ጊዜ የምንለየውን እነርሱ በሌላ ግሥና በሌላ መስተአምር ይለዩታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ገደብ ልንገርዎት፤ ዘዴው የሚያገለግለው አካል አቀማመጥን ለሚናገሩ ግሦች ብቻ ነው። «ቤት ገብቷል» ሲሉ «ገብቷል» ሁኔታ ይምሰል እንጂ ጀርመንኛው የመግባቱን ድርጊት ስለሚናገር አኩዛቲፍ ይፈልጋል።

አድራጊ ሲመጣም አማርኛ ያግዛል። «ተቀመጠ» «አስቀመጠ» ይሆናል፣ «ተጋደመ» «አጋደመ»። ጀርመንኛም ከ«ዚትሰን» መቀመጥ «ዜትሰን» ማስቀመጥን፣ ከ«ሊገን» መጋደም «ሌገን» ማጋደምን በጥንት ጊዜ ያወጣው በዚሁ የማስደረግ መንገድ ነው፤ እኛ በመነሻው ላይ «አስ» እና «አ» ስንጨምር እነርሱ የውስጡን አናባቢ ለውጠዋል። በአማርኛዎ ውስጥ የማስደረግ ግሥ ካለ፣ በጀርመንኛው አኩዛቲፍ ይጠብቁ።

በአንድ ምሽት ላይ እንየው። አንዲት ሴት ከሥራ ትገባለች። ካፖርቷን ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች፦ «ዚ ሄንክት ዴን ማንተል አን ዲ ቫንት»። ካፖርቱ በእጇ ነበር፣ አሁን ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ አኩዛቲፍ። ቀጥሎ ካፖርቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦ «ዴር ማንተል ሄንክት አን ዴር ቫንት»። እዚህ ላይ ግሡ ሁለቱም ዘንድ «ሄንክት» እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ለስፍራው ልዩነት የቀረው «ዲ» ወይም «ዴር» ብቻ ነው። (የእኛ «ላይ» ለግድግዳም ለጠረጴዛም ያገለግላል፤ ጀርመንኛ ለግድግዳው «አን»፣ ለጠረጴዛው ገጽ «አውፍ» ይላል።) ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፦ «አውፍ ዴን ቲሽ»። ስልኩ እዚያው አለ፦ «አውፍ ዴም ቲሽ»። ድመቷ ከኩሽና ሮጣ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች፦ «ኡንተር ዴን ቲሽ»። እዚያው ሥሩ እየተሯሯጠች ከኳስ ጋር ስትጫወት ግን «ኡንተር ዴም ቲሽ» ነች። ድመቷ ከስልኩ ይልቅ ሺህ ጊዜ እየተንቀሳቀሰች ሁለቱም ዳቲፍ ላይ ናቸው፤ ከጠረጴዛው ክልል አልወጡምና።

ይህ አሳብ ለእኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም። ግእዝ የተማረ ሰው «ቦአ ሀገረ» ሲል «ሀገር» የሚለውን ቃል «ሀገረ» አድርጎ ይናገራል፤ ያ የመጨረሻው ግእዝ ድምፅ ተሳቢነትን የሚያመለክት ነው። የተገባበት ቦታ፣ ማለትም መድረሻው፣ በተሳቢ መልክ መጣ ማለት ነው። የአማርኛው «ን» ይህን ሥራ አልወረሰም፤ «ከተማን ገባ» አንልም። የጀርመንኛው «ዴን ፓርክ» ግን ልክ እንደ ግእዙ መድረሻውን በተሳቢው መልክ፣ በአኩዛቲፍ፣ ያኖረዋል።

መስመር የመሻገሩ ነገር መድረሻ በሌለበትም ይሠራል። ወፍ ከቤቱ በላይ አልፋ ስትሄድ «ዩበር ዳስ ሃውስ» ይባላል፤ ከወዲህ መጥታ ወዲያ ተሻግራለችና አኩዛቲፍ ነው። ከቤቱ በላይ እየዞረች ስታንዣብብ «ዩበር ዴም ሃውስ» ነው፤ እየበረረች ነው፣ ግን ከዚያ ስፍራ አልለቀቀችም።

አንድ ግሥ ግን ሁሉንም ተማሪ ያደናግራል፤ «አንኮመን»፣ መድረስ። ሰው ረጅም መንገድ መጥቶ ከተማ ሲደርስ ከዚህ በላይ ምን መሻገር አለ ይላል ተማሪው፤ «ኢን ዲ ሽታት» ብሎ ይጽፍና ይሰረዝበታል። ጀርመንኛው «ኢን ዴር ሽታት» ነው፣ ዳቲፍ። ምክንያቱ ይህ ግሥ ጉዞውን ሳይሆን የጉዞውን ማብቂያ ነጥብ መናገሩ ነው፤ ያ ነጥብ ያለው ከተማው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጀርመናዊው ባቡሩ «ቮ» ደረሰ ይላል እንጂ «ቮሂን» አይልም። የአውሮፕላን ማረፍን የሚናገረው «ላንደን» እንዲሁ ከዳቲፍ ጋር ይሄዳል።

ሲያርሙም «ዴን» ባዩ ቁጥር አኩዛቲፍ ነው አይበሉ። በብዙ ቁጥር ዳቲፉም «ዴን» ነው። «አውፍ ዴን ቲሽ» አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሲሆን «አውፍ ዴን ቲሸን» ደግሞ ብዙ ጠረጴዛዎች ላይ መገኘት ነው። የሚለያቸው ከስሙ መጨረሻ ያለው «ን» ነው፤ በፈጣን ንግግር ውስጥ በቀላሉ ያመልጣል።

ቦታ ያልሆነ ነገር ላይ ክቡን ለማስመር አይሞክሩ። «ኢኽ ቫርተ አውፍ ዴን ቡስ» ማለት አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። ምንም መሻገር የለም፣ ሰውየውም ቆሟል፤ ግን አኩዛቲፍ ነው። እዚህ «አውፍ» ስፍራ አይናገርም፤ «ቫርተን» የሚለው ግሥ እንዲሁ ከአኩዛቲፍ ጋር ይፈልገዋልና ከግሡ ጋር አብሮ መያዝ ነው። «አውፍ ዴም ቡስ» ቢሉ ግን ቃሉ ወደ ስፍራ ይመለስና የሚጠብቁት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጥተው ነው ማለት ይሆናል።