የእርድ ካፕሱል ስትገዙ ጠርሙሱን አዙሩት

ልጆቼ፣ ፋርማሲ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሰርቻለሁ፣ እዚህ አሜሪካ ሰው የዕፅዋት ካፕሱል ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ጠርሙሱን አዙሬ ጀርባውን ማንበብ ነው።

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ለእናቱ ጉልበት ብሎ የእርድ ካፕሱል ገዝቶ መጣ። ፊቱ ላይ በትልቁ "95 ፐርሰንት ኩርኩሚኖይድ" ይላል፣ ሰው እርድን የሚፈልግበት ቢጫው ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ "ጋሼ ይሄኛው ጠንካራ ነው" አለኝ። ጀርባውን አብረን ስናነብ አንዱ ካፕሱል 500 ሚሊግራም ነው፣ ከዛ ውስጥ ግን 450ው ዝም ብሎ የተፈጨ እርድ፣ ኤክስትራክቱ፣ ማለትም ከእርዱ ተነክሮ የወጣው ጭማቂ፣ 50 ብቻ! 95 ፐርሰንቱ የሚመለከተው እቺን 50 ነው፣ ስለዚህ ከእሷ 47.5 ይገኛል፣ ተራ የእርድ ዱቄት ደግሞ ብዙ ጊዜ 3 ፐርሰንት አካባቢ ስለሚኖረው ከ450ው 13.5 ጨምሩበት፣ በድምሩ 61 ሚሊግራም። ልጁ 475 መስሎት ነበር። የሚያናድደኝ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ አንድም የውሸት ቃል አለመኖሩ ነው።

ሌላ ጠርሙስ ደግሞ "10:1፣ ከ5000 ሚሊግራም እርድ ጋር እኩል" ይላል። ይሄ የሚነግራችሁ 10 ኪሎ እርድ ገብቶ 1 ኪሎ ኤክስትራክት መውጣቱን ነው፣ ውስጡ ምን እንደቀረ አይደለም። በምን ተነከረ ብላችሁ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ከኩርኩሚኖይዶቹ ዋናው የሆነው ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ በአልኮል ነው የሚወጣው፣ በውሃ ብቻ ከተሰራ ዋናው ነገር አተላው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሁሉም ወጣ ብንል እንኳ የ5000 3 ፐርሰንት 150 ነው።

"ስታንዳርዳይዝድ" የሚለውም ቃል አሜሪካ ውስጥ በህግ የተተረጎመ አይደለም፣ የየትኛው ንጥረ ነገር ስንት ፐርሰንት እንደሆነ አጠገቡ ካልተጻፈ እኔ እንዳልተጻፈ ነው የምቆጥረው።

የላቲን ስሙንም እዩ፣ እርድ ኩርኩማ ሎንጋ ነው፣ ኩርኩማ ብሎ ከቆመ ዘመዱ የሆነ ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል። በኛም ሽፈራው ላይ ያው ነው፣ የኮንሶው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ሲሆን እዚህ በብዛት የሚሸጠው ግን ሞሪንጋ ኦሌይፌራ ነው፣ ስለዚህ ስለ አንዱ የሰማችሁትን ለሌላው አትስጡት።

ታዲያ ልጁ "እንግዲያው እውነተኛውን 475 ልግዛላት?" አለ። ቁጥሩ ስለበዛ ይሻላል ማለት አይደለም አልኩት፣ በተለይ ወደ ደም እንዲገባ ፓይፐሪን፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣው፣ ሲጨመርበት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በህክምና መዝገብ ላይ አሉ። ዓይን ቢጫ ካለ ወይ ሽንት ከጠቆረ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ከዛ እናትህ ምን መድኃኒት ትወስዳለች ስለው ዋርፋሪን አለኝ፣ ደም ማቅጠኛው። እርድ በካፕሱል ከሱ ጋር ደም መፍሰስ ሊያባብስ ስለሚችል ጠርሙሱን እኔ ጋ አስቀምጦ ሐኪሟ ጋ ደወለ።