የወጣው ብይ ካልተመለሰ፦ ከረጢት፣ እቁብ፣ ሳንቲምና ዳይ

«ከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ብይ አለ። ሳንመልስ ሁለት ብናወጣ ሁለቱም ቀይ የመሆን ዕድላቸው ስንት ነው? እኔ 25/64 ብዬ ሠራሁ፣ ተሳስተሃል ተባልኩ።» (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዘዞ)

መልሱ 5/14 ነው። የሳትክበት ቦታ ብዙ ሰው የሚስትበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ እጅህን ስትሰድ ከረጢቱ ውስጥ 8 ብይ አለ። 5ቱ ቀይ ናቸው። ቀይ የማውጣት ዕድልህ 5/8 ነው፣ እስከዚህ ትክክል ነህ። አሁን ግን ያ ቀይ ብይ ግራ እጅህ ላይ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት 7 ብቻ ናቸው። ከነሱም ቀዩ 4 ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ዕድል 4/7 ይሆናል። 5/8 በ4/7 ሲባዛ 20/56 ይመጣል፣ ሲቃለል 5/14። በመቶ ብናስበው ወደ 36 ገደማ ነው።

ያንተ 25/64 ወደ 39 ይጠጋል። እሱም መልስ ነው፣ ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። የመጀመሪያውን ብይ አይተህ ከመለስከውና ከቀላቀልከው 25/64 ልክ ይሆናል። «ሳንመልስ» የምትለዋን ቃል ዘለሃት ነው።

አንድ ራስህን የምትፈትሽበት ዘዴ ልስጥህ። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፈው። ቀይ ከዚያ ቀይ፣ 20/56። ቀይ ከዚያ ሰማያዊ፣ 15/56። ሰማያዊ ከዚያ ቀይ፣ 15/56። ሰማያዊ ከዚያ ሰማያዊ፣ 6/56። ደምራቸው። 56/56፣ ማለትም አንድ ሙሉ ይመጣል። ካልመጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ለምሳሌ ታችኛውን ቁጥር ወደ 7 ዝቅ አድርጎ ላይኛውን መቀነስ የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው። እሱ ሲደምር 64/56 ያገኛል፣ ከአንድ በላይ። ወዲያው ይነቃል።

ይህ ዘዴ ያንተን ስህተት ግን አይዝም። ብዩ ተመልሷል ብለህ ሁሉንም ብትሠራው ድምሩ 64/64 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ከመደመርህ በፊት ብዩ የት እንዳለ ጠይቅ። እጅህ ላይ ነው ወይስ ከረጢቱ ውስጥ?

እግረ መንገዴን፣ «አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ» ከተባልክ 15/56 ብለህ እንዳታቆም። ቀዩ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፣ ሰማያዊውም ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱ ተደምረው 30/56 ነው። ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል።

«በዚያው ጥያቄ ሁለተኛው ብይ ቀይ የመሆን ዕድሉ 5/8 ነው ወይስ 4/7? ከጓደኛዬ ጋር መግባባት አቃተን።» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ማራኪ)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ የምታወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ብይ አይተሽው ቀይ ከሆነ 4/7 ነው። አይተሽው ሰማያዊ ከሆነ 5/7 ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ የመጀመሪያውን ኪስሽ ከከተትሽው ግን 5/8 ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው አይዋጥለትም። «አንድ ብይ እኮ ጎድሏል!» ይላል። ጎድሏል፣ ግን ምን እንደጎደለ አታውቂም። ከላይ የጻፍናቸውን አራቱን መንገዶች ተመልከቺ። ሁለተኛው ቀይ የሚሆንባቸው ሁለት ናቸው፦ 20/56 እና 15/56። ድምራቸው 35/56፣ ሲቃለል 5/8። ልክ የመጀመሪያው የነበረው ዕድል። ዕድሉን የሚለውጠው የብዩ መውጣት ሳይሆን ያንቺ ማየት ነው። ይህን ነገር ያዢው፣ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ያስፈልገናል።

«12 ሆነን እቁብ እንጥላለን። መጀመሪያ ቀን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ሁሉም ተራ በተራ ያወጣል፣ የወጣለት ቁጥር ወሩ ነው። እኔ ሱቅ ዘግቼ ስደርስ ሁሌ መጨረሻ ነኝ። ጥሩውን ቁጥር ቀድመው የደረሱት አይወስዱትም?» (ነጋዴ፣ አራዳ ገበያ)

አይወስዱትም። እርስዎ 1 ቁጥር የማግኘት ዕድልዎ መጀመሪያ ካወጣችው ሴት ጋር እኩል ነው፣ 1/12።

ስሌቱን እንየው። የመጀመሪያዋ 1/12 አላት። ሁለተኛዋ 1 ቁጥርን እንድታገኝ መጀመሪያ የመጀመሪያዋ መሳት አለባት። ያ 11/12 ነው። ከዚያ ከቀሩት 11 ወረቀቶች አንዱን ማግኘት አለባት፣ 1/11። ሲባዛ 11ዱ ከ11ዱ ይጣፋና 1/12 ይቀራል። ሦስተኛዋም እንደዚያው፦ 11/12 በ10/11 በ1/10። አሁንም ተጣፍቶ 1/12። እርስዎ ጋ እስኪደርስ እያንዳንዱ ቁጥር ከጎረቤቱ ጋር እየተጣፋ ይሄዳል። የሚቀረው ያው ነው።

ስሌት ካልወደዱ እንዲህ ያስቡት። ሁሉም ወረቀታቸውን ሳይገልጡ ጨብጠው ይያዙ። አሥራ ሁለታችሁም ከያዛችሁ በኋላ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተብሎ በአንዴ ይገለጥ። ያኔ ማን ቀድሞ እንዳነሳ ምን ለውጥ ያመጣል?

ስሜቱ የሚመጣው ወረቀቱ እየወጣ ወዲያው ስለሚገለጥ ነው። አንዷ 1 ቁጥርን አውጥታ እልል ስትል የእርስዎ ዕድል ዜሮ ሆነ። ሁለት ሴቶች አውጥተው ሁለቱም ከሳቱ ደግሞ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ወደ 1/10 ከፍ ይላል። አንዱ ከአንዱ ይካካሳል። ዕድልዎን የሚያወጣውና የሚያወርደው ያዩት ነገር ነው። ከጨዋታው በፊት ግን ሁላችሁም አንድ ናችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀቶቹ በእጅ ሲዳሰሱ የማይለዩ ከሆነ ብቻ ነው። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ራሴ በተገኘሁበት አንድ እጣ ላይ ግማሹ ወረቀት ከደብተር፣ ግማሹ ከካርቶን የተቀደደ ነበር። ጣት ሳያይ ይለየዋል። አንዱ ሁለቴ፣ ሌላው አራቴ ከታጠፈም እንዲሁ። እስክሪብቶ በጀርባ በኩል ከታየ ደግሞ ይባስ። እንዲህ ሲሆን ቀድማ የምታወጣው መምረጥ ትችላለች፣ የመጨረሻዋ ግን የተረፋትን ነው የምታነሳው። ያኔ ቅሬታዎ ልክ ነው። ስለዚህ ከአንድ ወረቀት ይቀደድ፣ እኩል ይታጠፍ፣ 12 መሆኑ በሁሉም ፊት ይቆጠር፣ በደንብ ይቀላቀል። በአንዴ ቢገለጥ ደግሞ ሐሜትም አይኖርም።

«ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ሁለት ሆነን የሚከፍለውን በሳንቲም እንለያለን። 5 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፍኩ። ስድስተኛው ላይ ዕድሌ ከፍ አይልም?»

አይልም። ግማሽ ነው። ከረጢቱ የወጣውን ያስታውሳል፣ ምክንያቱም ብዩ ጎድሎበታል። ሳንቲሙ ግን ምንም አልጎደለበትም። ዘውድና ጎፈሩ እንዳሉ አሉ።

«6 ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ እኮ ከ64 አንድ ነው» ትል ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን ያ ገና ሳትጀምር ነበር። 6 ጊዜ ሲወረወር ሊመጡ ከሚችሉት 64 ቅደም ተከተሎች መካከል በአምስት ሽንፈት የሚጀምሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ በሽንፈት ያልቃል፣ አንዱ በድል። አንተ ያለኸው እነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ጓደኛህንም ቶሎ አትጠርጥረው። 5 ጊዜ መሸነፍ ከ32 አንዴ ያጋጥማል። ቡና በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። ልብህ ካላረፈ ሳንቲሙ አየር ላይ እያለ አንተ ጥራ።

«ሉዶ ላይ ለመውጣት ስድስት ያስፈልጋል። በቤታችን ሕግ 3 ጊዜ መወርወር ይቻላል። ልጄ «ሦስት ጊዜ 1/6 ግማሽ ነው» ይላል። እውነት ነው?» (አባት፣ ቀበሌ 18)

አይደለም፣ ወደ 42 በመቶ ነው። ልጅዎ ያሰበው ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ይግፉት። በዚያ አካሄድ 6 ጊዜ ቢወረወር 6/6 ይሆናል፣ ስድስት የግድ ይመጣል ማለት ነው። ሉዶ የተጫወተ ሁሉ ይህ ውሸት መሆኑን ያውቃል። 7 ጊዜ ቢወረወር ደግሞ 7/6፣ ከአንድ በላይ! ችግሩ ስድስት ሁለት ጊዜ የሚመጣባቸውን ዙሮች ደጋግሞ መቁጠሩ ነው።

ቀላሉ መንገድ በተቃራኒው መሄድ ነው። ስድስት ያለመምጣት ዕድል በአንድ ውርወራ 5/6 ነው። ዳዩ እንደ ሳንቲሙ የወጣበትን ስለማያስታውስ እዚህ ምንም አይቀነስም፣ 5/6 እንዳለ ይባዛል። ሦስቱም ጊዜ ያለመምጣት 125/216 ነው። ከአንድ ሲቀነስ 91/216 ይቀራል። 42 በመቶ ያልኩት እሱን ነው።

ስንት ጊዜ ቢወረወር ነው ታዲያ ከግማሽ የሚያልፈው? 4 ጊዜ። 671/1296፣ ወደ 52 በመቶ። ይቺ የ4 ውርወራ ጨዋታ በፈረንሳይ ቁማርተኞች ዘንድ የታወቀች ነበረች። በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉት የሒሳብ ሰዎች ስለ ዕድል ጨዋታዎች ደብዳቤ የተጻጻፉትም ከዚያው ሰፈር በመጣ ጥያቄ ነው። የቤታችሁን ሕግ ወደ 4 ከፍ ብታደርጉት ትንሹ ልጅ እንደ አሁኑ ብዙ አይጠብቅም።

«ሁለት ዳይ ሲወረወር ድምሩ 8 የሚሆንበትን ስንቆጥር 3 እና 5ን ሁለት ጊዜ፣ 4 እና 4ን አንድ ጊዜ ለምን እንቆጥራለን?»

አንዱን ዳይ ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀለም ቀቢው። ቀዩ 3 ሰማያዊው 5 ሲሆንና ቀዩ 5 ሰማያዊው 3 ሲሆን በዓይንሽ ይለያያሉ። ቀዩ 4 ሰማያዊው 4 ግን አንድ ብቻ ነው፣ ብታገላብጪውም ያው ነው። ከ36ቱ ውስጥ 8 የሚሆኑት 2 እና 6፣ 6 እና 2፣ 3 እና 5፣ 5 እና 3፣ 4 እና 4 ናቸው። 5/36። ዳዮቹ ሁለቱም ነጭ ቢሆኑም ቁጥሩ አይለወጥም፤ ቀለሙ ለዓይናችን እንጂ ለዳዩ አይደለም።