የማይሟሟውን ካርቦኔት በተረፈው አሲድ መለካት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች መኖ የሚገባውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልሲየም ካርቦኔት ለማወቅ፣ ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ ከቡሬት 0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እያንጠባጠብኩ በሚታይል ኦሬንጅ እለካለሁ። ቀለሙ ቀላ ይልና ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። አንዱ ናሙና ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል፤ ሁለት ጊዜ ስሠራው ደግሞ ውጤቱ አይገናኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም፤ የመረጡት አካሄድ ለዚህ ዱቄት ስለማይስማማ ነው። የኖራ ድንጋይ በውሃ አይሟሟም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አሲዱ የሚያገኘው የእያንዳንዱን ቅንጣት ገጽ ብቻ ነው። ሥራው ሲጀመር አሲዱ ስለሚበረታ ፍጥነቱ ደህና ይመስላል፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጉ ግን ፍላስኩ ውስጥ ያለው ነጻ አሲድ ወደ ምንም ይወርዳል፤ የቀሩት ቅንጣቶች ደግሞ ትላልቆቹና ጠንካሮቹ ናቸው። አሲዱ እጅግ በደከመበት ሰዓት እጅግ አስቸጋሪውን ድንጋይ እንዲበላ እየጠየቁት ነው ማለት ነው። ቀለሙ ቀልቶ ተመልሶ ቢጫ የሚሆነው ጠብታዋ ውሃውን ለጊዜው አሲዳማ አድርጋ፣ ቀስ በቀስ ቅንጣቶቹ ስለሚበሏት ነው። ሁለቱ ውጤቶችዎ የማይገናኙትም በአንደኛው ቀን ትንሽ ቀደም ብለው ስላቆሙ፣ በሌላኛው ቀን ትንሽ ስለታገሡ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ባክ ቲትሬሽን ነው። መጠኑ በትክክል የታወቀና ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ አሲድ በአንድ ጊዜ ይጨመራል፤ አሲዱ እስከ መጨረሻው ብርቱ ሆኖ ስለሚቆይ ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለካል። ይህ ሁለተኛው ሥራ በሁለት ፈሳሾች መካከል ስለሆነ ወዲያው ያልቃል። ከተጨመረው አሲድ ላይ የተረፈው ሲቀነስ ካርቦኔቱ የበላው ይገኛል።

```
CaCO3 + 2HCl → CaCl2 + H2O + CO2
HCl + NaOH → NaCl + H2O
```

ለእርስዎ ዱቄት የሚስማማው መጠን ይህ ነው። ዱቄቱን እንደገና አድቅቀው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሁለት ሰዓት ያድርቁትና ካቀዘቀዙት በኋላ 0.7 ግራም ያህል በአራት አኃዝ ሚዛን ይመዝኑ። የግድ 0.7000 መሆን የለበትም፤ የመዘኑትን ቁጥር በትክክል መጻፍዎ ነው ዋናው። በ250 ሚሊ ሊትር ኮኒካል ፍላስክ ውስጥ አድርገው በ20 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ያርሱት፤ ከዚያም በፒፔት 20.00 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምሩ። ይህ 20 ሚሊ ሞል አሲድ ነው፤ ዱቄቱ መቶ በመቶ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከ14 ሚሊ ሞል ብዙም የማይበልጥ ስለሚበላ፣ 6 ያህሉ ምን ጊዜም ይተርፋል።

አሲዱን ሲጨምሩ አይቸኩሉ። ፍላስኩን ጋደል አድርገው የፒፔቱን ጫፍ ከግድግዳው ጋር ያስነኩና በቀስታ እንዲወርድ ያድርጉ፤ አፉ ላይ ትንሽ የመስታወት ፈነል ያስቀምጡ። የሚፍለቀለቀው ጋዝ ደቃቅ የአሲድ ጠብታዎችን ይዞ ይወጣል፤ ፈነሉ ግን ይይዛቸዋል፤ ኋላ በጥቂት ውሃ አጥበው ወደ ፍላስኩ ይመልሷቸዋል። ከፍላስኩ ያመለጠ አሲድ በሒሳቡ ላይ ካርቦኔት እንደበላው ሆኖ ስለሚቆጠር ውጤቱን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

መፍለቅለቁ ሲቆም ፍላስኩን በማሞቂያ ላይ አድርገው ከፈላበት ጊዜ ጀምሮ አምስት ደቂቃ በዝግታ ያፍሉት። እዚህ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ውሃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህ አያሳስብዎት፤ ጋዙን ጠርጎ የሚያወጣው እንፋሎቱ እንጂ መቶ ዲግሪ መድረሱ አይደለም። ፈሳሹ እንዲደርቅ ግን አይፍቀዱ፤ ካነሰ ውሃ ይጨምሩበት። ከማሞቂያው ሲያወርዱት ወደ ታች ትኩር ብለው ይዩ። ግራጫ አሸዋ ከሥር ቢቀር ሲሊካ ነው፤ ሲያወዛውዙት ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከቅንጣት ላይ ቀጭን የአረፋ ክር እየተነሣ ከሆነ ግን ካርቦኔቱ አላለቀም፤ መልሰው ያሙቁት። ካለቀ በኋላ ፈነሉንና የፍላስኩን ግድግዳ አጥበው፣ በቧንቧ ውሃ ሥር እስከ ክፍል ሙቀት ያቀዝቅዙትና ሁለት ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ጨምረው በ0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይለኩ። ፈዘዝ ያለው ሮዝ ቀለም ለሠላሳ ሰከንድ ከቆየ ያበቃል።

ማፍላቱን ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ሥራ ያየዋል። እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ ላቦራቶሪ ስሠራ፣ መብራት በጠፋ ቀን ማሞቂያ ስላልነበረኝ ሳላፈላ ለካሁ። የቀድሞ ውጤቱ 92 ከመቶ የነበረ ዱቄት 89 ከመቶ ሆነብኝ፤ እኔም የድንጋዩ ጥራት ወርዷል ብዬ ስለጻፍኩ ጭነቱ ተመለሰ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ ያንኑ ናሙና አፍልቼ ስለካው እንደገና 92 ሆነ። ምልክቱ ከመጀመሪያውም ከፊቴ ነበር፤ ሮዙ ቀለም ይመጣና የቡሬቱን ቁጥር እስካነብ ድረስ ይደበዝዛል፤ አንድ ጠብታ ስጨምር ይመለሳል፤ ደግሞ ይደበዝዛል። ይህን ያደረገው በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በፊኖልፍታሊን ዘንድ እንደ አሲድ ስለሚቆጠር ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ይበላል፤ የተረፈው አሲድ ከእውነቱ በላይ ይመስላል፤ ካርቦኔቱም ያንሳል። በዚህ መጠን ስንሠራ 1 ሚሊ ሊትር ትርፍ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውጤቱን በ3.5 ከመቶ ገደማ ዝቅ ያደርጋል። እንግዲህ የሚደበዝዝ ሮዝ ካዩ ቁጥሩን አይመዝግቡ፤ ናሙናውን እንደ አዲስ መዝነው ይሥሩት። በእርስዎ ሚታይል ኦሬንጅ ቢለኩ ጋዙ ይህን ያህል አያስቸግርም፤ ነገር ግን ከብርቱካናማ ወደ ቢጫ የሚሸጋገረውን ቅጽበት ዓይን በቀላሉ ስለማይለየው እኔ ማፍላቱንና ፊኖልፍታሊኑን እመርጣለሁ።

ከናሙናው ጎን ለጎን ብላንክ መሥራት አይቅር። ዱቄት በሌለበት ፍላስክ ያንኑ ውሃና ያንኑ 20.00 ሚሊ ሊትር አሲድ በዚያው ፒፔት አድርገው፣ እኩል ጊዜ አፍልተውና አቀዝቅዘው ይለኩት። ይህ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚመስለው በላይ ነው፤ የአሲዱን ትክክለኛ ሞላሪቲ ማወቅ አያስፈልግዎትም፣ ምክንያቱም ሒሳቡ የሚሠራው በብላንኩና በናሙናው መካከል ባለው ልዩነት ነው። በትክክል መታወቅ ያለበት የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሞላሪቲ ብቻ ነው፤ እሱም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሚደክም፣ የደረቀ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት መዝነው በየሳምንቱ ቢፈትሹት ይሻላል።

በቁጥር እንየው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲፈተሽ 0.4986 ሞላር ሆነ እንበል። ብላንኩ 40.25 ሚሊ ሊትር ወሰደ። 0.7126 ግራም ዱቄት ያለበት ፍላስክ ደግሞ 13.90 ሚሊ ሊትር ወሰደ። ልዩነቱ 26.35 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ0.4986 ሲባዛ 13.14 ሚሊ ሞል አሲድ በካርቦኔቱ ተበልቷል ማለት ነው። አንድ ካልሲየም ካርቦኔት ሁለት አሲድ ስለሚበላ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ሞል አሲድ የሚወክለው የ100.09ን ግማሽ፣ ማለትም 0.05004 ግራም ነው።

```
(40.25 − 13.90) × 0.4986 × 0.05004 = 0.6574 g
0.6574 ÷ 0.7126 × 100 = 92.3 %
```

ሁለተኛው ናሙና 0.7054 ግራም ሆኖ 14.15 ሚሊ ሊትር ቢወስድ ያው 92.3 ይወጣል። የቡሬት ንባብ በ0.1 ሚሊ ሊትር ቢሳሳት ውጤቱ በ0.35 ከመቶ ስለሚንቀሳቀስ፣ ሁለቱ ፍላስኮች በግማሽ ከመቶ ውስጥ ካልተገናኙ ሦስተኛ ይሥሩ። በላቦራቶሪው ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ካለዎት አንድ ጊዜ እንደ ናሙና አድርገው ይለኩት፤ 100 አካባቢ ካልመጣ ስሕተቱ ከድንጋዩ ሳይሆን ከአሠራሩ መሆኑን ያውቁበታል። ከ100 ጉልህ ሆኖ ከበለጠ ሲፍለቀለቅ አሲድ አምልጧል፤ ካነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አልወጣም ወይም ዱቄቱ አላለቀም።

ፊኖልፍታሊን ጨምረው ገና የመጀመሪያው ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቀለሙን ወደ ሮዝ ከቀየረው፣ አሲዱ በሙሉ ተበልቶ አልቋል። እንዲህ ያለ ፍላስክ ምንም አይነግርዎትም፤ ዱቄቱን ቀንሰው እንደ አዲስ ይጀምሩ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለቀበት ጊዜም በሰልፈሪክ አሲድ አይተኩት፤ የሚፈጠረው ካልሲየም ሰልፌት እምብዛም ስለማይሟሟ ቅንጣቶቹን እንደ ቅርፊት ይሸፍናቸውና አሲዱ ወደ ውስጥ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ይህ ዘዴ አይለይልዎትም። ማግኒዥየም ካርቦኔትም አሲዱን እኩል ስለሚበላ በካልሲየም ስም ይቆጠራል። ክብደቱ ከካልሲየም ካርቦኔት ያነሰ በመሆኑ የካልሲየምና የማግኒዥየም ካርቦኔት ጥምር ማዕድን የሆነው ዶሎማይት ንጹሕ ሲሆን በዚህ ሒሳብ 108.6 ከመቶ ይሰጣል። ድንጋይዎ ብዙ ዶሎማይት ያለበት መሆኑን ከሁለት ነገር ይጠረጥራሉ፤ በቀዝቃዛ አሲድ እምብዛም አይፍለቀለቅም፣ ሲሞቅ ግን ይበረታል፤ ውጤቱም ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። ከመቶ በታች የሆነ ውጤት ግን ከአሸዋ ጋር የተቀላቀለ ዶሎማይትም ሊሆን ይችላል። ለእንቁላል ቅርፊት የሚፈለገው ካልሲየሙ ስለሆነ፣ ከአዲስ ካባ የመጣን ድንጋይ የመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ካልሲየሙን ለብቻው በኢዲቲኤ ቲትሬሽን ይለኩት። ማግኒዥየሙ ኢምንት መሆኑን ካረጋገጡ፣ ከዚያ ካባ ለሚመጡት ጭነቶች ባክ ቲትሬሽኑ ይበቃል፤ የካርቦኔቱን ውጤት በ0.4004 ሲያባዙ ካልሲየሙን ያገኛሉ፤ ከላይ ያየነው 92.3 ከመቶ 37.0 ከመቶ ካልሲየም ይሆናል።